ብሩሽ ወይስ ወረቀት? በእጅ የተሳለን ፖርሰሊን ከታተመ ዕቃ የመለየት የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፦ ዕቃዎቹና መሣሪያው

ጠረጴዛው ላይ አምስት ዕቃ አለ። ሁለቱ ከአንድ ስብስብ የተገኙ የእንግሊዝ ሳህኖች ናቸው፤ ስፋታቸው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሥዕላቸው ሰማያዊ ነው፤ አኻያ ዛፍ፣ ድልድይ የሚሻገሩ ሦስት ሰዎች፣ ከላይ ደግሞ ፊት ለፊት የሚበሩ ሁለት ወፎች አሉበት። ይህ ዊሎ የሚባለው ንድፍ ነው፤ ከ1790 አካባቢ ጀምሮ ብዙ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሠርተውታል። እነዚህን ሀ1 እና ሀ2 ብለናቸዋል። ሦስተኛው ለ ነው፤ ሰማያዊ የወንዝና የተራራ ሥዕል ያለው የቻይና ሳህን። ሐ ጽጌረዳ ያለበት የእንግሊዝ የሻይ ሲኒ ከነማስቀመጫው ነው። መ ደግሞ ከንፈሩ ወርቃማ፣ ሆዱ ላይ አበባ ያለው፣ ረከቦት ላይ የሚደረደረው ዓይነት ትንሽ የቡና ሲኒ ነው።

ጥያቄው ለአምስቱም አንድ ነው፦ ሥዕሉን ዕቃው ላይ ያኖረው ብሩሽ የያዘ እጅ ነው ወይስ ቀለም የተሸከመ ወረቀት?

ለሥራው ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚይዙት ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ብርሃኑ ጠባብ የሆነ የእጅ ባትሪ፣ ባለ ሚሊ ሜትር ማስመሪያ፣ ወፍራም ፎጣና ስልክ ይበቃሉ። ዕቃው መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃና በጠብታ የዕቃ ሳሙና ይታጠባል፤ የቅባት ሽፋን ካለበት ከታች የሚገለጸው የብርሃን ምርመራ ያሳስታል። ስንጥቅ ያለበት ዕቃ አይዘፈዘፍም። በረኪና ፈጽሞ አይነካውም፤ ከግሌዝ በላይ ያለውን ቀለምና ወርቅ ይጎዳል፣ በስንጥቅ ውስጥም ይገባል። ግሌዝ የምንለው በእሳት ቀልጦ ዕቃውን የሚያለብሰውን የሚያብረቀርቅ የመስታወት ሽፋን ነው።

ከመታጠብ በኋላ ባትሪውን ከእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ አበራን። ለ፣ ሐ እና መ ብርሃኑን አሳለፉ፤ ጣት ከኋላ ሲደረግ ጥላው ይታያል። ሀ1 እና ሀ2 አላሳለፉም። ስለዚህ ሁለቱ የዊሎ ሳህኖች ፖርሰሊን አይደሉም፤ ነጭ የተደረገ ተራ ሸክላ ናቸው። ይህ ስለ ሥዕሉ አሠራር ገና ምንም አይናገርም፤ ፖርሰሊን ላይም ይታተማል፣ ተራ ሸክላ ላይም በእጅ ይሳላል። ግን ተመዝግቦ ይያዝ፤ ዊሎ ሁሉ ፖርሰሊን ነው ተብሎ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ማክሰኞ፦ ቀለሙ ከግሌዝ በላይ ነው ወይስ በታች?

ወደ ብሩሽና ወደ ነጥብ ከመሄድ በፊት ይህ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም በግሌዝ ሥር ያለ ቀለምና በግሌዝ ላይ ያለ ቀለም ጠርዛቸው የተለያየ ነው። በግሌዝ ሥር ያለው ግሌዙ ሲቀልጥ ትንሽ ይሟሟና ዳሩ ይለሰልሳል። ይህን ያላወቀ ሰው የለሰለሰውን የህትመት መስመር የብሩሽ መስመር አድርጎ ያየዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ዕቃው ከመስኮት ፊት ወይም ከመብራት ሥር ይያዝና የብርሃኑ ነጸብራቅ በሥዕሉ ላይ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ይዘነበላል። ነጸብራቁ ከነጩ ወደ ቀለሙ ሲሻገር ሳይሰበር ካለፈ ቀለሙ ከሥር ነው። ቀለሙ ላይ ሲደርስ ከደበዘዘ፣ ከተሸበሸበ ወይም ከተቆረጠ ቀለሙ ከላይ ነው። ከዚያ የጣት ጥፍር ጀርባ በጣም በቀስታ ይሄድበታል፤ ከላይ ያለ ወፍራም ቀለም ጥፍርን ያቆማል። ጭረቶችም ይረዳሉ። የቢላ ጭረት ቀለሙን ቆርጦ ካለፈ ቀለሙ ከላይ ነው፤ ጭረቱ ከላይ ሆኖ ቀለሙ ሳይነካ ከሥሩ ከታየ ቀለሙ የተሸፈነ ነው።

ሀ1፣ ሀ2 እና ለ ላይ ነጸብራቁ ሳይሰበር አለፈ። ሐ ላይ ጽጌረዳው ከፍ ብሎ ይዳሰሳል፤ ግን መስመሩ አይዳሰስም። ይህ ዓርብ ቀን ይታያል። መ ላይ አበባው ከግሌዙ ትንሽ የደበዘዘ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይገባል። ዘመናዊ ዲካል፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚለጠፍ የታተመ ሥዕል፣ በ1200 ዲግሪ አካባቢ ከተተኮሰ ግሌዙ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ያኔ ላዩ ለስላሳ ነው፤ ነጸብራቁም አይሰበርም። ስለዚህ ልስላሴ ብቻውን የቀለሙን ቦታ እንጂ አሠራሩን አይናገርም።

የታችኛውም ጠርዝ መታየት አለበት። ለ የሚቆምበት ቀለበት ግሌዝ የለውም፤ ግሌዙ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ተጠርጎ ቆሟል፣ ከዳሩም ስስ ቡናማ መስመር ይታያል። ሳህኑ ምድጃ ውስጥ በዚህ ቀለበት ላይ ቆሞ ስለተተኮሰ ነው። የሀ1 እና የሀ2 ቀለበት ግን ግሌዝ ለብሷል። እነዚህን ምድጃ ውስጥ ያቆማቸው ሹል ድጋፍ ነው፤ ጀርባቸው ላይ ጠርዝ አካባቢ በሦስት ቦታ ትንንሽ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጠባሳዎች ቀርተዋል። ይህ የዕቃውን አገርና የምድጃውን ሥርዓት ይጠቁማል፤ ስለዚህ በኋላ ከሥዕሉ ከሚገኘው ፍርድ ጋር መስማማቱ ይታያል።

ረቡዕ፦ የዊሎ ሳህኖች

የታተመ ዕቃ ምልክቶቹ ሁሉ ከአሠራሩ ስለሚመጡ አሠራሩን በቅደም ተከተል ማስታወስ ይጠቅማል። ቀራጩ ሥዕሉን በመዳብ ሰሌዳ ላይ በጭረትና በነጥብ ይቀርጸዋል። ከዘይት ጋር የተለወሰ ሰማያዊ የኮባልት ቀለም ሰሌዳው ላይ ይቀባል፤ ከላይ ያለው ተጠርጎ በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው ብቻ ይቀራል። ስስ ወረቀት ተጭኖ ቀለሙን ያነሣል። ወረቀቱ በመቀስ ተቆራርጦ አንድ ጊዜ በተተኮሰው፣ ገና ግሌዝ ባልለበሰው ሳህን ላይ ይለጠፍና በኃይል ይታሻል፤ ከዚያ በውኃ ይነሣል። ሳህኑ ዘይቱ እንዲቃጠል በዝቅተኛ ሙቀት ይሞቃል፤ በኋላ ግሌዝ ውስጥ ይነከርና እንደገና ይተኮሳል። በእንግሊዟ ስታፎርድሺር ይህን በግሌዝ ሥር የሚታተም ሰማያዊ በ1784 አካባቢ ለገበያ ያበቃው ሸክላ ሠሪው ጆሳያ ስፖድ ነው።

አሁን ወደ ሀ1። አጉሊ መነጽሩን የያዝነው ከሁሉ በፊት የሥዕሉ በጣም ፈዛዛ ክፍል ላይ ነው፤ ይህም የውኃው ዳርና ሰማዩ ነው። ይህ ምርጫ ዝም ብሎ አይደለም። ብሩሽ ፈዛዛ ሰማያዊ ሲያወጣ ቀለሙን በውኃ አቅጥኖ ነው። የመዳብ ሰሌዳ ግን የቀጠነ ቀለም የለውም፤ ፈዛዛውን የሚያወጣው ጠቆር ያሉ ትንንሽ ነጥቦችን አራርቆ በመካከላቸው ነጭ በመተው ነው። ስለዚህ ፈዛዛው ቦታ ላይ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ የቀጠነ ቀለም አለ ወይስ የተራራቁ ጠቆር ያሉ ነጥቦች? ሀ1 ላይ ነጥቦች ነበሩ፤ መጠናቸው አንድ ዓይነት ባይሆንም ጥቁረታቸው አንድ ነው። ጠቆር ባለው የዛፍ ግንድ ላይ ነጥቡ ሲጠጋጋና ጭረት ሲጨመርበት ታየ።

ከዚያ የመስመር ጫፍ። የቀራጭ መሣሪያ መዳቡ ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ይጠልቃል፤ ሲወጣም ቀስ ብሎ ይሳሳል። ስለዚህ የድልድዩ ጭረቶች በሁለቱም ጫፍ ሹል ናቸው፣ መሀላቸው ወፈር ይላል። ብሩሽ እንዲህ አያደርግም፤ ለዚህ ነገ ለን እናያለን።

ሁሉን የሚቋጨው ማስረጃ ግን የሚገኘው የሳህኑ ዳርቻ ላይ ነው። የዳርቻው ንድፍ ከመሀሉ ሥዕል ለብቻው እንደ መቀነት ተቆርጦ ይለጠፋል፤ ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። ሳህኑን በእጅ እያዞርን በአጉሊ መነጽር ዳርቻውን ተከተልን። ሀ1 ላይ መገናኛው ከግራው ወፍ በላይ ተገኘ፦ ክብ መሆን የነበረበት ጌጥ በመሀሉ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል፤ ወዲያው ሌላ ጌጥ ከመሀሉ ይጀምራል። በብሩሽ የሚሠራ ሰው ቦታ ሲያጥረው ጌጡን ያጠብባል ወይም በቅጠል ይሞላል፤ በቀጥተኛ መስመር አይቆርጠውም። ሀ2 ላይ መገናኛው በቀላሉ አልተገኘም፤ ሠራተኛዋ ጌጥን በጌጥ ላይ ስለገጠመችው የታየው ሁለት ህትመት የተደራረበበት 2 ሚሊ ሜትር ያህል የጠቆረ ቦታ ብቻ ነው። መገናኛ አላየሁም ብሎ ሳህኑን በእጅ የተሳለ ማለት ስህተት ነው፤ ዙሪያው ሁለት ጊዜ ይታይ።

ሀ2 ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከመሀል ወደ ጠርዝ በሚታጠፍበት ቦታ ዛፉን የሚያቋርጥ ጠማማ ነጭ መስመር አለ፤ ከሁለቱም ወገን ሥዕሉ እኩል ይቋረጣል። ጠፍጣፋ ወረቀት በጎደጎደ ዕቃ ላይ ሲለጠፍ ይሸበሸባል፤ በሽብሽቡ ውስጥ የታጠፈው ቀለም ሸክላውን አይነካም። ይህን መስመር ብሩሽ ሊያወጣው አይችልም።

ዊሎን ለሚመረምሩ አንድ ማስታወሻ፦ ሰማያዊው ወደ ነጩ የፈሰሰበት፣ በዳሩ ጭጋግ የመሰለ ዕቃ አለ። ሆን ተብሎ ምድጃ ውስጥ ቀለሙን የሚያፈስ ኬሚካል ተጨምሮበት የተሠራ ነው። እዚያ ላይ ነጥቦቹ ተዋህደው የቀጠነ ቀለም ይመስላሉ። ጠቆር ባለው ቦታ መፈለግ ዋጋ የለውም፤ ቀለሙ በጣም ያነሰበትን ጥግና የዳርቻውን መገናኛ መያዝ ይሻላል።

ሐሙስ፦ የቻይናው ሳህን

ለ የተሠራው በተቃራኒ መንገድ ነው። ሥዕሉ የተሳለው በደረቀ፣ ገና ባልተተኮሰ ጭቃ ላይ ነው፤ ከዚያ ግሌዝ ለብሶ ሁሉም በአንድ ጊዜ በ1300 ዲግሪ አካባቢ ተተኩሷል። ደረቅ ጭቃ ከብሩሹ ውኃውን ወዲያው ይጠጣል። ስለዚህ እጅ የቆመበት፣ የፈጠነበትና የታጠፈበት ሁሉ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ተመልሶ ማረም አይቻልም።

የፈዛዛው ቦታ ጥያቄ እዚህም ቀደመ። የተራራው ጥላ ላይ ነጥብ የለም፤ እውነተኛ የቀጠነ ሰማያዊ አለ። ቡና ነጭ ጨርቅ ላይ ፈስሶ ሲደርቅ ዳሩ እንደሚጠቁር ሁሉ፣ የዚህም ቀለም ዳር ከመሀሉ ጠቆር ያለ መስመር ይዟል። አንዱ ሙሌት ሌላውን ሲደርብ የተደረበው ቦታ ይጠቁራል፤ የሁለቱም ዳር ከነድርብርቡ ይታያል።

መስመሩን በተመለከተ፣ የጀልባው መቅዘፊያ አንድ ጫፉ ክብና ጠቆር ያለ ነው፤ ብሩሹ ያረፈበት። ሌላው ጫፍ ቀጥኖ ይፈዛል፤ ብሩሹ የተነሣበት። ስለዚህ ከየት ወደ የት እንደተሳበ ይነበባል፤ በታተመው መስመር ይህ አቅጣጫ የለም፣ ሁለቱም ጫፍ አንድ ነው። የዛፎቹ ቅጠሎች አንድ አንድ ንክኪ ናቸው፤ ሥራቸው ወፍራም፣ ጫፋቸው ሹል፣ ኮባልቱ በተጠራቀመበት ሥራቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ።

እነዚህም ነጥቦች ናቸውና ሰው ይሳሳትባቸዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የብሩሽ ነጥብ ቅርጹ የእንባ ዘለላ ነው፣ ጥቁረቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፣ ብሩሹ ቀለም እያጣ ሲሄድ ተከታታይ ነጥቦች እየፈዘዙ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ድንገት እንደገና የጠቆረ ይመጣል፤ ብሩሹ የተነከረበት። ለ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተሰለፉ የሣር ነጥቦች ላይ ይህ መፍዘዝና መጥቆር ግልጽ ነው። የታተመ ነጥብ ብሩሽ መንከርን አያውቅም።

ጠርዙን የሚከበው ሰማያዊ ቀለበት ላይም አንድ መገናኛ ተገኘ፤ ግን የወረቀት አይደለም። ሳህኑ በሚዞር ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ብሩሹ ቋሚ ሆኖ ሲይዝ ቀለበቱ ዞሮ ራሱን ያገኛል፤ እዚያ ቦታ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የጠቆረ ድርብርብ ይቀራል፣ ጫፉም ክብ ነው። ስለዚህ መገናኛ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ መቀስ ነው፣ ክብና እየፈዘዘ የሚሄድ ከሆነ ብሩሽ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሀ1 እና ሀ2 ተነጻጸሩ። ሁለቱም ከአንድ ከፍታ ከላይ ፎቶ ተነሥተው በስልክ አንዱ በሌላው ላይ በግማሽ ግልጽነት ተደረበ። ወፎቹ፣ ድልድዩና የሰዎቹ ልብስ ጭረት በጭረት ገጠሙ፤ ሁለት እጅ አንድን ጥላ በአንድ ዓይነት ቁጥርና ቦታ ባላቸው ጭረቶች አይሞላም። አንዳንድ ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይለያሉ፤ እርጥብ ወረቀት ስለሚለጠጥ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን በዚህ ማነጻጸሪያ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ በእጅ የሚስሉ ሠራተኞችም ጥንቅሩን አንድ ለማድረግ በመርፌ የተበሳሳ ወረቀት ላይ የከሰል ዱቄት ነስንሰው ነጥቦቹን ተከትለው ይስሉ ነበር፤ ከሰሉ ምድጃ ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ሁለት ሳህኖች አንድ ዓይነት ጥንቅር ቢኖራቸው በዚህ ብቻ ታተሙም አልታተሙም አይባልም፤ የሚታየው ጥቃቅኑ ጭረት ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ፋብሪካ ለአንድ ንድፍ ብዙ የመዳብ ሰሌዳ ነበረው። ስለዚህ አለመግጠም በእጅ ለመሳሉ ማስረጃ አይሆንም።

ዓርብ፦ ግማሹ የታተመ፣ ግማሹ የተሳለ

ሐ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ የሚገባው ዕቃ ነው፤ ሻጭና ገዢ በብዛት የሚጣሉበት እንዲህ ዓይነቱ ነው። ጽጌረዳው ላይ ብሩሽ መኖሩ ክርክር የለውም። ሮዙ ቀለም ከፍ ብሎ ይዳሰሳል፤ በባትሪ ከጎን ሲበራ አንዱ ቅጠል ወፍራም ሌላው ስስ ነው፤ በአንዱ ላይ የብሩሽ ፀጉር የተወው ጭረት አለ። እዚህ ቆሞ በእጅ የተሳለ ብሎ መጻፍ ይቀላል።

ባትሪው ዝቅ ብሎ፣ አጉሊ መነጽሩ ከቀለሙ ሥር ያለውን መስመር ሲፈልግ ግን ሌላ ነገር ተገኘ። የእያንዳንዱ ቅጠል ዙሪያ ቡናማ ስስ መስመር ነው፤ ሮዙ ቀለም ብርሃን ስለሚያሳልፍ መስመሩ ከሥሩ ይታያል። ጫፎቹ በሁለቱም በኩል ሹል ናቸው፤ በቅጠሎቹ ሥር ያለው ጥላ በጭረት የተሠራ ነው፤ የትም ቦታ የመስመሩ ጥቁረት አይቀያየርም። ይህ የመዳብ ሰሌዳ መስመር ነው። ቀለሙ ደግሞ በአንድ ቦታ መስመሩን አልፎ ወጥቷል፤ በሌላ ቦታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ቆሞ ነጭ ክፍተት ትቷል። መስመሩን የሠራው እጅና ቀለሙን የሞላው እጅ አንድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ዓይነት መሳት በየቅጠሉ አይደጋገምም ነበር።

የሲኒውና የማስቀመጫው አበባ ጎን ለጎን ሲታይ ፍርዱ ጠነከረ፤ መስመሩ በሁለቱም አንድ ነው፣ የቀለሙ አሞላል ግን የተለያየ ነው።

ከሥር በቀይ ብሩሽ የተጻፈ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በእጅ ተጽፏል፤ ይህ የንድፉን ቁጥር ለመመዝገብ ነው እንጂ ሥዕሉ በእጅ ስለመሳሉ ማስረጃ አይደለም። በሌሎች ዕቃዎች ሥር ሃንድ ፔይንትድ፣ ማለትም በእጅ የተሳለ፣ የሚል ማኅተም ሲገኝም እንዲሁ ይታይ፤ ማኅተሙ ራሱ የታተመ ነው፣ የታተመ መስመር ቀለም የሞሉ ፋብሪካዎችም ይህን ቃል ተጠቅመዋል። ለዚህ ዕቃ መመዝገቢያ ካርዱ ላይ የገባው «መስመሩ የታተመ፣ ቀለሙ በብሩሽ የተሞላ» የሚል ነው። ሁለቱን ቃል አንዱን ጥሎ አንዱን መያዝ ዕቃውን ያለአግባብ ያስወድደዋል ወይም ያረክሰዋል።

ቅዳሜ፦ የቡናው ሲኒ

መ ብዙ አልቆየም። የአበባው ቅጠል በአጉሊ መነጽር ሲታይ በረድፍ የተሰለፉ ነጥቦች ሆነ፤ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ትንንሽ አበባ የመሰለ ቅርጽ ይሠራል። ረድፉ ቀጥ ያለ ነው፣ ርቀቱ እኩል ነው፤ የሚለያየው የነጥቡ መጠን ብቻ ነው። ይህ የማሽን ህትመት ነው፤ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተወጋ ነጥብ እንዲህ አይሰለፍም። የቆዩ ዲካሎች ላይ ግን ነጥቡ በእጅ የተሠራ ስለነበር ረድፍ አይጠብቅም፤ ረድፍ ስላጣን ዲካል አይደለም ማለት አይቻልም። ነጥብ ጨርሶ የሌለው፣ ወጥ ቀለም በወጥ ውፍረት የተቀመጠበት ዲካልም አለ፤ እሱ የሚያዘው በጠርዙ ነው። የብሩሽ ቀለም ወደ ዳሩ ይሳሳል ወይም ይጠራቀማል፤ የዲካሉ ጠርዝ ዙሪያውን እኩል ከፍታ አለው።

ከንፈሩ አጠገብ አበባው ላይ ሁለት ክብ ነጭ ቀዳዳዎች አሉ። ዲካሉ ሲለጠፍ ከሥሩ ውኃ ወይም አየር ከቀረ በ800 ዲግሪ አካባቢ ሲተኮስ ፈንድቶ እንዲህ ያለ ክፍተት ይተዋል። አንድ ቅጠል ደግሞ በሲኒው ጉብታ ላይ ተጣጥፎ ሁለት እጥፍ ጠቁሯል።

በአበባው መሀል ጥፍር የሚያቆም ሦስት የነጭ ቀለም ነጠብጣብ አለ። እነዚህ በብሩሽ የተጨመሩ ናቸው፤ ከሥራቸው የዲካሉ ነጥብ በጠርዛቸው ዙሪያ ይቀጥላል። ወርቁም በሚዞር ሰሌዳ ላይ በብሩሽ የተሠራ ነው፤ የተደረበበት ቦታ ክብ ጫፍ አለው። ነጠብጣቡም ወርቁም ግን ስለ አበባው አይመሰክሩም። ካርዱ፦ «አበባው ዲካል፤ ሦስቱ ነጠብጣብና የከንፈሩ ወርቅ በብሩሽ»።